ካናቢስ ለየትኛው ሕመም ማስረጃ አለው? በሐኪም የሚታዘዘውን፣ በገበያ የሚሸጠውንና «ሁሉን ይፈውሳል» የሚባለውን ለይቶ ለመምረጥ

«ካናቢስ መድኃኒት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ በዚህ መልኩ ከቀረበ ትክክለኛ መልስ አይገኝለትም። ዕፀ ፋሪስ በመባልም የሚታወቀው ይህ ተክል ካናቢኖይድ የሚባሉ ከመቶ በላይ ውሕዶችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል በሰው ላይ በሚገባ የተፈተሹት በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቲኤችሲ ነው፤ ተክሉን ያጨሰ ሰው እንዲሰክር የሚያደርገው፣ የምግብ ፍላጎትን የሚቀሰቅሰውና ማቅለሽለሽን የሚያስታግሰው እርሱ ነው። ሁለተኛው ካናቢዲዮል ወይም በአጭሩ ሲቢዲ የሚባለው ነው፤ ይህኛው አያሰክርም፣ በአንጎል ውስጥ የሚሠራበት መንገድም ከቲኤችሲ የተለየ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ካናቢስ ረዳኝ» ሲል የትኛውን ውሕድ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለየትኛው ሕመም እንደወሰደ ካልነገረን ገና ምንም አልነገረንም ማለት ነው።

ማስረጃ የሚባለውም ነገር ለእነዚህ ለሦስቱ አንድ ላይ የተሰጠ ምስክርነት ነው። አንድ የተወሰነ ውሕድ በተወሰነ መጠን ለተወሰነ ሕመም እንደሚሠራ በጥናት ከተረጋገጠ፣ ከሦስቱ አንዱ በተለወጠ ቁጥር ምስክርነቱ አብሮ አይሄድም፤ እንደገና መፈተሽ አለበት። «ሁሉን ይፈውሳል» የሚለው ንግግር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ዓይነት የሚጥል በሽታ የተገኘን ውጤት ይዞ ወደ ካንሰር፣ ወደ ስኳር ሕመምና ወደ እንቅልፍ ማጣት ይሻገራል። ይህንን ልዩነት በግልጽ የሚያሳየው ማስረጃው ከሁሉ ይልቅ የጠራበት የሕጻናት የሚጥል በሽታ ስለሆነ፣ ከዚሁ እጀምራለሁ፤ ብዙውንም ቦታ ለእርሱ እሰጣለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማስረጃው የጠራበት ቦታ

ድራቬ ሲንድሮም የሚባለው ብርቅ የሆነ የሚጥል በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ሕጻኑ አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ ብዙ ጊዜም ከትኩሳት ጋር በሚመጣ ረጅም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በአብዛኞቹ ሕጻናት ላይ መንስኤው በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የሶዲየምን መተላለፊያ በሚሠራ ዘረመል ላይ የተፈጠረ ለውጥ ነው። ሌኖክስ ጋስቶ ሲንድሮም የሚባለው ደግሞ በልጅነት ዕድሜ የሚጀምር ሲሆን፣ ከምልክቶቹ መካከል ልጁን በቆመበት በድንገት የሚጥለው ዓይነት ስለሚገኝበት ብዙዎቹ ልጆች ከጉዳት ለመጠበቅ የራስ ቁር አድርገው ይውላሉ። የሁለቱም የጋራ መከራ ሁለትና ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ እየተወሰደ እንኳ መንቀጥቀጡ አለመቆሙ ነው።

በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ድራቬ ሲንድሮም ያለባቸውን 120 ሕጻናትና ወጣቶች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን በክብደት ልክ እየተሰላ በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም 20 ሚሊግራም የተጣራ ካናቢዲዮል ሲሰጠው፣ ሌላኛው ተመሳሳይ የሚመስል ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጠው። ቤተሰቡም ሐኪሙም የትኛው ለማን እንደደረሰ አያውቁም፤ ሁሉም ልጆች ቀድሞ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች አላቋረጡም። ካናቢዲዮል በተሰጠው ወገን በመካከለኛ ስሌት በወር 12.4 የነበረው መንቀጥቀጥ ወደ 5.9 ወረደ፤ በሌላኛው ወገን ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ ዝቅ አለ። መንቀጥቀጣቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው በአንደኛው ወገን 43 በመቶ፣ በሌላኛው 27 በመቶ ነበሩ።

እነዚህን ቁጥሮች ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል፤ ተስፋውም ልኩም ያሉት እዚያው ውስጥ ነውና። ውጤቱ እውነተኛ ነው፤ በወር ስድስት መንቀጥቀጥ መቅረቱ ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ሌሊት ሌሊት የልጁን አተነፋፈስ ሲያዳምጥ ለሚያድር ወላጅ መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች መንቀጥቀጣቸው በግማሽ አልቀነሰም፤ በጥናቱ ጊዜ ፈጽሞ መንቀጥቀጥ የቆመላቸውም ካናቢዲዮል ከወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ማስረጃው ከሁሉ በጠራበት ቦታ እንኳ ቃሉ «ይቀንሳል» የሚል ነው፤ «ይፈውሳል» አይልም። ዘረመሉ አልተለወጠም፣ ሕመሙም አልጠፋም።

ሌኖክስ ጋስቶ ባለባቸው 225 ታካሚዎች ላይ የተሠራውና በ2018 የታተመው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳየ። በድንገት የሚጥለው መንቀጥቀጥ በቀን ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊግራም በወሰዱት ላይ በ41.9 በመቶ፣ 10 ሚሊግራም በወሰዱት ላይ በ37.2 በመቶ ሲቀንስ፣ መድኃኒት ባልተሰጣቸው ላይ በ17.2 በመቶ ቀነሰ። በእነዚህ ጥናቶች መነሻነት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በሰኔ 2018 ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን የተጣራ የካናቢዲዮል ፈሳሽ ለእነዚህ ለሁለቱ ሕመሞች ፈቀደ፤ በ2020 ደግሞ ቱበረስ ስክለሮሲስ በሚባለው ሕመም ምክንያት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ ተጨመረ። ፈቃዱ ለሦስት በስም ለተጠሩ ሕመሞች የተሰጠ ነው። ለማንኛውም ዓይነት የሚጥል በሽታ እንደተሰጠ ፈቃድ አድርጎ መረዳት ስሕተት ነው።

መድኃኒት ያልተሰጣቸው ልጆች ለምን ተሻላቸው?

ከላይ የተጠቀሰው 27 በመቶ ብዙ አንባቢ በቸልታ የሚያልፈው፣ ለእኔ ግን የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ የሆነ ቁጥር ነው። ምንም መድኃኒት ካልተሰጣቸው ልጆች ከአራቱ አንዱ ገደማ መንቀጥቀጡ በግማሽ ቀነሰለት። በዚያው ጥናት ውስጥ የልጁ አጠቃላይ ሁኔታ ተሻሽሏል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ካናቢዲዮል ከተሰጣቸው ልጆች አሳዳጊዎች 62 በመቶው አዎ ሲሉ፣ ከሌላኛው ወገን ደግሞ 34 በመቶው አዎ ብለዋል። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም። የሚጥል በሽታ ይነሣል፣ ይረግባል፤ አንድ ቤተሰብ አዲስ ነገር ለመሞከር የሚነሣው ደግሞ ልጁ በጣም በታመመበት ሰሞን ነው። ከክፉ ሰሞን በኋላ የሚመጣው ሳምንት ብዙውን ጊዜ በራሱ የተሻለ ስለሚሆን፣ በዚያ መካከል የተሰጠው ማንኛውም ነገር ምስጋናውን ይወስዳል።

ይህን የሚያጎላ ሌላ ጥናት አለ። በአሜሪካ የኮሎራዶ ግዛት ለሚጥል በሽታ የካናቢስ ጭማቂ በነጻነት መገኘት በጀመረበት ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ከሌሎች ግዛቶች ወደዚያ ሄዱ። በአንድ የሕክምና ማዕከል የተከታተሏቸው ሐኪሞች በ2015 ባወጡት ሪፖርት 75 ልጆችን አይተው፣ የልጃችን መንቀጥቀጥ ከግማሽ በላይ ቀነሰ ያሉት ቤተሰቦች 33 በመቶ መሆናቸውን ጻፉ። ይሁን እንጂ ከድሮም በግዛቱ ይኖሩ ከነበሩት መካከል እንዲህ ያሉት 22 በመቶ ሲሆኑ፣ ቤታቸውንና ሥራቸውን ትተው ከመጡት መካከል ግን 47 በመቶ ነበሩ። አካባቢ በመለወጥ የልጁ አንጎል አይለወጥም፤ ብዙ ነገር የከፈለ ወላጅ ግን ተስፋውም ትልቅ ነው። መንቀጥቀጣቸው ከግማሽ በላይ ቀነሰ ከተባለላቸው ልጆች መካከል የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ ውጤት የተገኘላቸው 8ቱ ሲታዩም በምርመራው ላይ መሻሻል አልታየም።

ይህን የምጽፈው የወላጆችን ምስክርነት ለማቃለል አይደለም። «ለልጄ ሠራለት» የሚለው ቃል ከልብ የመነጨ ቢሆንም ብቻውን መድኃኒቱን ከጊዜው፣ ከተስፋውና ከሌሎቹ መድኃኒቶች መለየት እንደማይችል ለማሳየት ነው። በዕጣ ተመድቦ ከሚነጻጸር ጥናት ውጭ ይህን የሚለይ መንገድ አልተገኘም።

በሐኪም የሚታዘዘው ፈሳሽ ወይስ የገበያው ዘይት?

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ሌኖክስ ጋስቶ ያለባት፣ ክብደቷ 20 ኪሎ ግራም የሆነ፣ ክሎባዛምና ቫልፕሮኤት የተባሉትን የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የምትወስድ የስድስት ዓመት ልጅ አለች እንበል። እናቷ በአንድ በኩል ሐኪሙ ሊያዝላት የሚችለውን የተጣራ ካናቢዲዮል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጎረቤት ያመጣላትን «ሲቢዲ ዘይት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠርሙስ ይዛ እያሰበች ነው። ሁለቱም ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው። ስሌቱን ስንሠራው ግን ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ሆነው እናገኛቸዋለን።

የተጣራው ፈሳሽ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም ካናቢዲዮል አለው። የሚጀመረው በቀን ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊግራም ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ ለዚህች ልጅ በቀን 100 ሚሊግራም፣ ማለትም ጠዋት ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ማታ ግማሽ ሚሊ ሊትር በመለኪያ ሲሪንጅ ማለት ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ልጅቷ ከቻለችው ወደ እጥፉ፣ በቀን 200 ሚሊግራም ይወጣል። ይበልጥ ካስፈለገና የጎንዮሽ ጉዳቱ ካልከበደ ሐኪሙ ቀስ እያለ እስከ 400 ሚሊግራም ሊያደርሰው ይችላል።

በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር፣ 600 ሚሊግራም ይላል እንበል። ይህም በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ጠርሙሱ ላይ እንደተመከረው ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሊትር ብትሰጣት ልጅቷ የምታገኘው በቀን 20 ሚሊግራም ነው፤ በጥናት ከተፈተሸው መደበኛ መጠን አንድ አሥረኛው። በዚህ መጠን መንቀጥቀጡ ቢቀንስ እንኳ ማስረጃው ስለእርሱ የሚናገረው ነገር የለም። እናትየው ይህን አስተውላ መጠኑን ወደ 200 ሚሊግራም ለማድረስ ብትወስን በቀን 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ልታጠጣት ነው፤ ጠርሙሱ በሦስት ቀን ያልቃል። ከወጪው የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ዘይቱ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊግራም ብቻ ቲኤችሲ ቢኖርበት፣ 20 ኪሎ የምትመዝነው ልጅ በቀን 10 ሚሊግራም ቲኤችሲ ትወስዳለች። ይህ ያልለመደ ጎልማሳን የሚያሰክር መጠን ነው።

ጽሑፉ ራሱ መታመኑም አጠራጣሪ ነው። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የካናቢዲዮል ምርቶችን ገዝቶ በቤተ ሙከራ አስመረመረ። በውስጣቸው ያለው ካናቢዲዮል ላያቸው ላይ ከተጻፈው ጋር የተስማማው 31 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነበር፤ የቀሩት ወይ ያነሰ ወይ የበዛ ነበራቸው። በ18ቱ ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኝቷል። መንቀጥቀጥ ላለበት ልጅ ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው የሚለዋወጥ መጠን ማለት ሐኪሙ ሌሎቹን መድኃኒቶች የሚያስተካክልበት ቋሚ መሠረት ጠፋ ማለት ነው። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ይህንን አይተካም። ኤፒዲዮሌክስ ውስጥ ያለው ካናቢዲዮልም ከዚያው ተክል የተገኘ ነው፤ ልዩነቱ ተጣርቶ፣ ተለክቶና በየጊዜው ተመርምሮ መቅረቡ ነው።

በመሃል የሚበላሸው ነገር

ልጅቷ የታዘዘላትን ፈሳሽ ጀመረች እንበል። በሁለተኛው ሳምንት ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ይጥላታል፤ ስትራመድ ትንገዳገዳለች፤ ምግብ ሲቀርብላት አንገቷን ታዞራለች። እናቷ ካናቢዲዮሉ እንዳልተስማማት ታስባለች። ብዙውን ጊዜ ግን እንቅልፉ የሚመጣው ከክሎባዛም ነው። ጉበት ክሎባዛምን ሲሰባብረው የሚፈጠር፣ እርሱም ራሱ የሚያስተኛ ሌላ ውሕድ አለ፤ ይህን ውሕድ ከሰውነት የሚያስወግደውን ኢንዛይም ካናቢዲዮል ስለሚያግደው በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀንሰው ክሎባዛሙን ነው። በገበያ ዘይት የጀመረ ቤተሰብ ግን ይህን የሚነግረው የለም፤ ለሐኪሙም ካልነገረ ሐኪሙ ያልታወቀ ድካም ምክንያት ፍለጋ ይጀምራል።

ሁለተኛው ጉበት ነው። ካናቢዲዮል የጉበት ኢንዛይሞችን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህም ቫልፕሮኤት አብረው በሚወስዱ ላይ በይበልጥ ይታያል። ሕጻኑ ላይ ምንም ምልክት ሳይኖር ስለሚጀምር የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ምርመራው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ይደረጋል፤ ቫልፕሮኤት ለሚወስዱት ደግሞ ቀረብ ቀረብ ብሎ ይሠራል። የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የማያቋርጥ ትውከት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቀላል የሚመስል ነገር ነው። ካናቢዲዮል በስብ ስለሚሟሟ፣ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከሚወሰደው እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። አንድ ቀን ከቁርስ በኋላ፣ ሌላ ቀን ሳትበላ የምትወስድ ልጅ ሲሪንጁ ላይ አንድ መጠን ቢለካላትም ሰውነቷ ውስጥ የሚደርሰው ግን ሌላ ሌላ ነው። የሚመከረው ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ መስጠት ነው።

ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለውን ለመለየት መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አራት ሳምንት መንቀጥቀጡ በየዓይነቱ በደብተር መመዝገብ አለበት። በአራት ሳምንት 24 ጊዜ ይጥላት የነበረች ልጅ ሙሉ መጠኑ ላይ ከደረሰች በኋላ በነበሩት ሦስት ወራት በየአራት ሳምንቱ 11፣ 13 እና 10 ጊዜ ከሆነባት፣ በአንድ ጥሩ ሳምንት የተፈጠረ ስሜት አይደለም፤ መቀጠሉ ምክንያት አለው። 19፣ 26፣ 21 ከሆነ ግን በመካከሉ አንድ ደስ የሚል ሳምንት ቢኖርም መድኃኒቱ አልረዳትም። ያን ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይወርዳል እንጂ በአንድ ቀን አይቆምም። ይህ ለቀድሞዎቹ መድኃኒቶች በይበልጥ ይሠራል፤ ዘይቱን ተማምኖ ክሎባዛምን ወይም ቫልፕሮኤትን በድንገት ማቋረጥ የማይቆም፣ ሕይወት የሚያሠጋ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። «ኬሚካሉን ተዉት» የሚል ሻጭ ያደረሰውን ጉዳት የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች ያያሉ፤ ሻጩ ግን አያየውም።

ሌሎቹ ሕመሞች በማስረጃቸው ልክ

ከዚህ በታች ማስረጃው ከጠነከረበት ወደ ሳሳበት እወርዳለሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች በ2017 ባወጡት ሰፊ ግምገማ በአዋቂዎች ላይ በቂ ማስረጃ አለ ያሏቸው ሦስት ነገሮች በኬሞቴራፒ የሚመጣ ማቅለሽለሽና ትውከት፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር በሽታ የሚመጣ የጡንቻ መገተርና ሥር የሰደደ የሕመም ስሜት ናቸው። ሦስቱ ግን አንድ ዓይነት ክብደት የላቸውም።

ለኬሞቴራፒ ትውከት ድሮናቢኖልና ናቢሎን የተባሉት የቲኤችሲ ዓይነት መድኃኒቶች በአሜሪካ ከ1985 ጀምሮ ተፈቅደዋል። የሚሠሩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን አነስተኛ የጎንዮሽ ጉዳት ያላቸው እንደ ኦንዳንሴትሮን ያሉ መድኃኒቶች ስለመጡ አሁን ቦታቸው የተለመዱት ሳይበቁ ሲቀሩ ነው። አረጋውያን ላይ ማዞርና መደናገር ስለሚያመጡ ከመጀመሪያው ሐኪሙ ያያቸዋል።

ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጠው ናቢክሲሞልስ የሚባል በአፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ሲሆን ቲኤችሲንና ካናቢዲዮልን በተቀራራቢ መጠን ይዟል። እዚህ ላይ የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2019 ያወጣው አሠራር ለማንኛውም ሕመም አርአያ የሚሆን ይመስለኛል። ሌሎች መድኃኒቶች ላልረዱት ታካሚ አራት ሳምንት ይሞከርለታል፤ ታካሚው ከ0 እስከ 10 በሚሰጠው መለኪያ መገተሩ ቢያንስ በ20 በመቶ ከቀነሰለት ይቀጥላል፣ ካልቀነሰ ይቆማል። 8 የነበረው ወደ 6 ከወረደ ረድቶታል፤ 8 የነበረው 7 ላይ ከቀረ አልረዳውም። ማቆሚያው ከመጀመሪያው ታውቋል።

ሥር የሰደደ የሕመም ስሜት ላይ ተስፋው ከማስረጃው ቀድሞ የሄደ ይመስለኛል። የተለያዩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ታካሚው የሚያስተውለው ያህል ማስታገስ ያገኙት ሰዎች ካናቢኖይድ ከወሰዱት መቶ ሰዎች ውስጥ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር አሥር ያህል ብቻ ይበልጣሉ። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ባለሙያዎች በጥንቃቄ ይሞከር ሲሉ፣ ዓለም አቀፉ የሕመም ስሜት ጥናት ማኅበር በ2021 ለአጠቃላይ አጠቃቀም እንደማይደግፈው አስታውቋል። የነርቭ ሕመም ያለበትና ሌላው ሁሉ ያልረዳው ሰው ከሐኪሙ ጋር ሊነጋገርበት ይችላል። የወገብ ሕመም በጀመረው ማግስት ዘይት መግዛት ግን ከማስረጃው ጋር አይሄድም።

የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው ግላኮማ የተለየ ትምህርት አለው፤ ምክንያቱም ቲኤችሲ የዓይን ግፊትን በእርግጥ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ለሦስትና ለአራት ሰዓት ብቻ ነው። ግፊቱ ደግሞ ሌት ተቀን መያዝ አለበት፤ ለዚህ በየሦስት በአራት ሰዓቱ መውሰድ ሊያስፈልግ ነው፤ እንቅልፍ የለም፣ ሥራ የለም፣ ቀኑን ሙሉ ሰክሮ መዋል ነው። በቀን አንዴ የሚጨመር የዓይን ጠብታ ይህን ሥራ ያለ ስካር ስለሚሠራ የዓይን ሐኪሞች ካናቢስን አይመክሩም። ስለዚህ «በሰውነት ላይ ውጤት አለው» ማለትና «ሕመሙን ለማከም ይመረጣል» ማለት አንድ አይደለም።

ካንሰርን ይፈውሳል የሚለው

ይህ አባባል መነሻ የለውም ማለት ልክ አይሆንም። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያደጉ የካንሰር ሕዋሳት ካናቢኖይድ ሲፈስባቸው የሞቱባቸው፣ በአይጦችም ላይ እብጠት የቀነሰባቸው ጥናቶች አሉ። ነገር ግን ሳህን ላይ ያለን ሕዋስ የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ አልኮልም ይገድለዋል። ጥያቄው ያ መጠን በአንድ ሰው ደም ውስጥ ሌሎቹን ሕዋሳት ሳይጎዳ ይደርሳል ወይ፣ ደርሶስ ታካሚው ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል ወይ የሚለው ነው። ካናቢስ በሰው ላይ ካንሰርን እንደሚፈውስ ያሳየ በዕጣ የተመደበ ጥናት እስካሁን የለም።

«በዘይቱ ተፈወስኩ» የሚሉ ሰዎች ታሪክ ሲነበብ ደግሞ ልብ መባል ያለበት አንድ ነገር አለ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር ወይም ኬሞቴራፒ አስቀድሞ ተደርጓል፤ ታሪኩ ውስጥ ግን በአንድ ሐረግ ታልፎ ዘይቱ ዋናውን ቦታ ይይዛል። የሚድን ካንሰር ይዟቸው የተለመደውን ሕክምና ትተው አማራጭ የሚባለውን ብቻ የመረጡ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው በ2.5 እጥፍ እንደሚበልጥ በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ በካናቢስ ብቻ ላይ የተወሰነ አይደለም፤ የሚገድለው ግን የሕክምናው መዘግየት ስለሆነ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ቢለያይም አደጋው አይለያይም።

ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ዘይት ለመጀመር ካሰበ ከሕክምናው ጎን መሆን አለበት እንጂ በምትኩ አይሆንም። የሚፈልገው ማቅለሽለሹን ለማስታገስ ከሆነ ለዚያ የተፈተሸ መድኃኒት ስላለ በስሙ ጠርቶ ሐኪሙን ይጠይቅ። ዘይቱን ቀድሞ ጀምሮ ከሆነም ጠርሙሱን ራሱን ይዞ ይሂድና ስንት ሚሊ ሊትር፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደወሰደ ይናገር። በተለይ ደም ለማቅጠን ዋርፋሪን የሚወስድ ወይም የሌላ ሰው ኩላሊት ተተክሎለት ታክሮሊመስ የሚወስድ ሰው ይህን መደበቅ የለበትም፤ ካናቢዲዮል የሁለቱንም መድኃኒቶች መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ሐኪሙ ካወቀ በደም ምርመራ ተከታትሎ መጠናቸውን ይቀንሳል፤ ካላወቀ ግን የመጀመሪያው ምልክት ከድድ የማይቆም ደም ወይም የኩላሊት መዳከም ሊሆን ይችላል።